የሴሚስተር መግቢያ ወጪና የተማሪው ሳምንታዊ በጀት

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ መርሐ ግብር የሚማር ተማሪ መኝታና ምግብ በወጪ መጋራት ስለሚያገኝ፣ ከቤተሰብ የሚላክለት ገንዘብ ለኪስ ብቻ የሚውል ይመስላል። ችግሩ ግን ጊዜው ላይ ነው። ትምህርት በጥቅምት ሲጀመር የገበሬው እህል ገና አልተወቃም፤ ትልቁ ወጪ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር ይደርሳል።

ለአብነት አንድ ተማሪ 6,000 ብር ይዞ ከቤቱ ቢነሳ፣ ቀጣዩ ገንዘብ የሚደርሰውም ከስምንት ሳምንት በኋላ እህል ሲሸጥ ቢሆን፣ በሳምንት 750 ብር ያለው ይመስለዋል። ሆኖም ለመምጫ ትራንስፖርት 1,200፣ ለብርድ ልብስና አንሶላ 1,400፣ ለደብተርና ለሃንዳውት ቅጂ 600፣ ለባልዲ፣ ለቁልፍና ለሳሙና 400 ብር ሲያወጣ 2,400 ብር ይቀረዋል። ብዙዎች የሚረሱት የመመለሻው ትራንስፖርት ነው። እህሉ ዘግይቶ ሊሸጥ ስለሚችል ይህም 1,200 ብር ከወዲሁ ቢለይ፣ ለሳምንት የሚደርሰው 150 ብር ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ በእጁ ያለው ከ1,800 ብር ካነሰ፣ የመመለሻው ገንዘብ ለሻይ ቡና መዋሉ አይቀርም።

ከመግቢያ ወጪዎቹ በቀላሉ የሚቀነሰው የብርድ ልብሱ ነው፤ ተመራቂዎች ሲወጡ የሚሸጡትን በርካሽ ማግኘት ይቻላል፤ አዲስ ገቢ ግን ይህን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው። ከካፌ ወጥቶ የምግቡን ገንዘብ በእጅ መቀበል ደግሞ በዚህ ወቅት አያዋጣም። ክፍያው በዘገየ ቁጥር ተማሪው በዱቤ ይበላል፤ የእህሉ ገንዘብ ሲደርስም አስቀድሞ የባለሱቁ ሆኗል።