የመዝገብ ቁጥር አንቀጽ ሲሆን

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ቢያንስ በአምስት ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤት እንዲያስገድድ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ከሃያ በላይ የውሳኔ ቅጾች ታትመዋል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። የቦታ ዋጋ ሲንር የኖረባቸው፣ በመንደር ውል የተገዛ ቤትም የሞላባቸው ከተሞች ናቸው። የኢትዮጵያ ዳኛ ሕግን ከጉዳይ ጋር እንዴት እንደሚያገናኝ ማየት የፈለገ ሰው ከእነዚህ ከተሞች የቤት ሽያጭ ክርክር የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከደንቡ ይነሳል። ሕጉ ይህን ይላል፤ የተረጋገጠው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ይህ ነው። ሁለተኛው ከቀደመ ፍርድ ይነሳል። ትናንት እንዲህ ባለ ጉዳይ እንዲህ ተፈርዷል፤ የዛሬው ጉዳይ በሚያስፈልገው ነጥብ ያንን ይመስላል፤ ስለዚህ ፍርዱም ሊመስለው ይገባል። የመጀመሪያው የሕግ መጽሐፍ ያላቸው አገሮች ልማድ ነው ይባላል። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁልን ሬኔ ዳቪድ የመጡባት ፈረንሳይ ዳኞች በፍርዳቸው አጠቃላይ ደንብ እንዳያወጡ በሕጓ እስከ መከልከል ደርሳለች። ሁለተኛው የእንግሊዞች መንገድ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. በዶኖግ እና ስቲቨንሰን ጉዳይ የጌታዎች ምክር ቤት የመጠጥ ፋብሪካ ጠርሙሱ ውስጥ ቀንድ አውጣ ተገኘብኝ ላለች ሸማች ኃላፊነት ሊኖርበት እንደሚችል ወሰነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአውስትራሊያ በመጣ ክርክር ከውስጥ ልብስ ላይ በቀረ ኬሚካል ቆዳው የታመመ ሰው በዚያው ፍርድ ላይ ተደግፎ ረታ። ቀንድ አውጣና የውስጥ ልብስ አይመሳሰሉም። የሚመሳሰለው ሸማቹ ዕቃውን ከመጠቀሙ በፊት ጉድለቱን ማየት አለመቻሉ ነው። በማመሳሰል የሚከራከር ሰው ሥራ ይህን ነጥብ ለይቶ ማውጣት ነው።

የወንጀሉን ዘርፍ በአጭሩ ልለፈው፤ እዚያ ብዙ የሚያከራክር የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በማመሳሰል አዲስ ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። መተርጎም ግን አልተከለከለም። በትርጉምና በማመሳሰል መካከል ያለው መስመር አንዳንዴ ቀጭን ቢሆንም መርሁ ግልጽ ነው።

ነገሩ የሚከብደው በፍትሐ ብሔር ነው፤ ከዚያም ውስጥ በአንቀጽ 1723። አንቀጹ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት መብት የሚያቋቁም ወይም የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። አንቀጽ 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘው ልዩ ፎርም ያልተሟላ እንደሆነ ያለው ነገር ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም ይላል። በሌላ በኩል ስለ ቤት ሽያጭ በተለይ የሚናገረው አንቀጽ 2877 የሚጠይቀው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ 2878 ላይ የተጠቀሰው ምዝገባም ሦስተኛ ወገኖችን ለመቃወም የሚያስፈልግ ነው። ፍርድ ቤቶች በዚህ ለሁለት ተከፍለው ቆዩ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 21448፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ቆይቶ ደግሞ በመዝገብ ቁጥር 36887 ውሉ መደረጉ ባልተካደበት ጊዜ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው ወሰነ። ሁለቱም አስገዳጅ ናቸው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ 1723 ነው።

አሁን ነገሩን ወደ ሱሉልታ እንውሰደው። ጉዳዩን ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው፤ የሰፈሩ ደላላ ሁሉ ግን ያውቀዋል። አንድ ሰው ካርታ የሌለው ቤት በ1,200,000 ብር ይገዛል። ውሉ በደላላው ቤት በሁለት ገጽ ይጻፋል፤ ሦስት ምስክሮች ይፈርማሉ፤ 900,000 ብር ይከፈላል፤ ገዢው ገብቶ ይኖራል። ሰነድ አረጋጋጭ ጋ ያልሄዱት ስለሰነፉ አይደለም። ሰነድ አረጋጋጩ የባለቤትነት ማስረጃ ይጠይቃል፤ እነሱ ዘንድ ያ የለም። ከስድስት ዓመት በኋላ የቦታው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሲሆን ሻጩ ቤቴን ይልቀቅልኝ ብሎ ይከሳል።

ከደንቡ የሚነሳው ዳኛ ሥራው ፈጣን ነው። የቤት ሽያጭ ውል መመዝገብ አለበት፤ ይህ ውል አልተመዘገበም፤ ስለዚህ ረቂቅ ነው። ከዚያ አንቀጽ 1815ን ይዞ ተከራካሪዎቹን ወደ ነበሩበት ይመልሳል። ገዢው 900,000 ብሩን ይወስዳል፤ ሻጩ ቤቱን ይወስዳል። አካሄዱ እንከን የለውም። እንከኑ ያለው ገዢው በዚያ ገንዘብ ዛሬ በሱሉልታ የጓሮ ክፍል እንኳ የማይገዛ መሆኑ ላይ ነው፤ ያንን ግን አንቀጹ አልጠየቀም።

የገዢው ጠበቃ ይነሳና 36887ን ይጠቅሳል። ሻጩ ውሉን በተመለከተ በሰጠው መልስ ፈርሜያለሁ ብሏል፤ ስለዚህ አልካደም ይላል። ብዙ ክርክር እዚህ ላይ ይቆማል፤ ዳኛው ቁጥሩን ይቀበላል ወይም በ21448 ይመልሰዋል። እውነተኛው ሥራ ግን ገና አልተጀመረም። የሻጩ መልስ ሲነበብ የሚለው ይህ ነው፤ ፊርማው የእኔ ነው፤ ነገር ግን ቤት አልሸጥኩም፤ ገንዘብ ተበድሬ ለመያዣ ነው የፈረምኩት፤ እስክከፍል በቤቱ እንዲቀመጥ ነው የተስማማነው። ይህ መካድ ነው ወይስ ማመን?

ይህን ለመመለስ 36887 ለምን እንደዚያ ወሰነ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። እኔ እንደምረዳው ምዝገባ ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ ተዋዋዮቹ በእርግጥ ምን እንደተስማሙ በገለልተኛ ሰው ፊት እንዲረጋገጥ ማድረግ ነው። ሁለቱም ወገኖች ሽያጭ ነበር ካሉ ያ ጥርጣሬ የለም፤ በፎርሙ ጉድለት ውሉን ማፍረስ ያመነውን ሰው ቃሉን በማጠፍ እንዲጠቀም ማድረግ ይሆናል። በሱሉልታው ጉዳይ ግን ጥርጣሬው እንዳለ ነው። የታመነው ፊርማው ነው እንጂ ሽያጩ አይደለም። ምዝገባ ቢኖር ኖሮ ይቀርፈው የነበረው ክርክር ራሱ ነው ፍርድ ቤት የመጣው። ስለዚህ ጉዳዩ 36887ን በላይ በላዩ ቢመስልም በሚያስፈልገው ነጥብ አይመስለውም፤ የሚቀርበው ለ21448 ነው። ሻጩ «ሸጫለሁ፤ ግን ስላልተመዘገበ አይጸናም» ብቻ ብሎ ቢሆን ኖሮ መልሱ በተገላቢጦሽ ይሆን ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ቤቱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል። ለዚህ ነው በዚህ ዓይነት ክርክር ከቅጹ ይልቅ የተከሳሽንና የከሳሽን መልስ ቃል በቃል ማንበብ የሚሻለው።

ሦስተኛ ነገርም አለ፤ በቡራዩና በሰበታ ዳርቻ ችላ ሊባል የማይችል። «ቤት» ተብሎ የተሸጠው ከገበሬ የተገዛ የእርሻ ቦታ ከሆነ፣ በላዩም በሌሊት የቆመች የጨረቃ ቤት ብቻ ካለች፣ ጥያቄው የፎርም መሆኑ ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(3) መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ያኔ ሻጩ ሺህ ጊዜ ቢያምን ማመኑ ሕገ ወጡን ሕጋዊ አያደርገውም። 36887 የሚያስተምረው ስለ ጎደለ ፎርም ነው፤ ስለ ተከለከለ ነገር አይደለም። ጠበቃ ሆኖ ይህን ልዩነት ሳያነሳ የሚያልፍ ሰው ደንበኛውን በተሳሳተ መዝገብ ላይ አቁሞታል።

እንግዲህ ቅሬታዬ ይኸው ነው። አዋጁ ያስገደደው «የሕግ ትርጉሙን» ነው። እኛም ትርጉሙን ከጉዳዩ ነጥለን፣ በቅጹ መግቢያ ካለው ማውጫ የሁለት መስመር ጭማቂውን ወስደን እንደ አንቀጽ እንጠቅሰዋለን። ፍርዱ ላይ «በሰ/መ/ቁ 21448 አስገዳጅ የሕግ ትርጉም መሠረት» ይባላል፤ በዚያ መዝገብ ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ ግን አንድም መስመር አይጻፍም። ስሙ ቀዳሚ ፍርድ ነው፤ አሠራሩ ግን ያው ከደንቡ የሚነሳው መንገድ ነው፤ ደንብ አውጪው ከፓርላማ ወደ ችሎት ከመዛወሩ በቀር። የእንግሊዝ ዳኛ ቀዳሚውን ፍርድ ላለመከተል ሲፈልግ ፍሬ ነገሩ የተለየ ነው ብሎ ይለየዋል። የእኛ የወረዳ ዳኛ ይህን ለማድረግ ይፈራል፤ አስገዳጁን ትርጉም ተቃረነ ከተባለ ፍርዱ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ተብሎ ሊሻር ይችላልና። መለየትና መቃረን ግን አንድ አይደሉም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን መያዝ አለበት ይላል፤ ቁጥር ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

የሚገባኝ ችግርም አለ። የሰበታ ዳኛ ክርክሩን የሚሰማውና ፍርዱን የሚጽፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቅጾቹ የታተሙት በአማርኛ ነው። መዝገብ በተደራረበበት ጠዋት ሙሉ ውሳኔውን ተርጉሞ ከማንበብ ጭማቂውን መውሰድ ይቀላል።

አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ችሎቱ ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች እንዲሰየሙ ያዛል። ጥሩ ነው፤ አስገዳጅ ትርጉም በአንድ ጠዋት እንዳይገለበጥ ያግዛል። ከክልል የሚመጣ ጉዳይም የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ያለው መሆኑ እንዲታይ በመደረጉ ከሱሉልታ ተነስቶ ፌዴራል ሰበር የሚደርሰው ክርክር ይቀንሳል። ይህ ማለት 21448ና 36887ን አጣጥሞ የመሥራቱ ሸክም ከበፊቱ ይልቅ በወረዳው፣ በከፍተኛውና በኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ቅጾቹን የሚያዘጋጀው ክፍል በየውሳኔው አናት ከትርጉሙ ጭማቂ በፊት የጉዳዩን ፍሬ ነገር በአንድ አንቀጽ ያስቀምጥ፤ በአፋን ኦሮሞም ያትመው። ጠበቆችም ቁጥር ስትጠቅሱ በዚያ መዝገብ የተካደው ምን እንደነበር በአቤቱታችሁ ላይ ጻፉ።