የኖትርዳም ጣሪያ ዕድሜው ስንት ነበር?

ኤፕሪል 15 ቀን 2019 ምሽት ላይ የፓሪሱ የኖትርዳም ካቴድራል ጣሪያ በእሳት ተያያዘ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእርሳስ ክዳኑ ሥር የነበረውን የእንጨት መዋቅር ፈረንሳዮች «ጫካው» ይሉት ነበር፤ ባሉጥ ወይም በፈረንጅ አጠራሩ ኦክ ከተባለው ዛፍ የተጠረበ፣ ውስጡ የገባ ሰው መጨረሻውን የማያይበት የወራጅና የቋሚ ጥቅጥቅ ነበርና። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አመድና ከሰል ሆነ። ደግነቱ በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ከእንጨቱ ናሙና ወስደው ነበር። በ2014 ደግሞ ሬሚ ፍሮሞንና ሴድሪክ ትራንትሶ የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች መዋቅሩን በዝርዝር ለክተው ነድፈውት ነበር።

የካቴድራሉ ግንባታ የተጀመረው በ1163 ገደማ ስለሆነ ብዙ ሰው ጣሪያውም የዚያው ዘመን ይመስለዋል። እንጨቱ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። በመቅደሱ ክፍል ላይ የነበረው አብዛኛው ጣሪያ ከ1220 አካባቢ በተቆረጡ ዛፎች የተሠራ ነው። በመካከሉ ከ1160ዎቹ አካባቢ የተቆረጡ ጥቂት እንጨቶች ተሰባጥረው ተገኙ። በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይኞቹ መስኮቶች ሲሰፉና ግድግዳው ከፍ ሲል የመጀመሪያው ጣሪያ ፈረሰ፤ አናጢዎቹም ደህናውን እንጨት መርጠው በአዲሱ ውስጥ መልሰው ተጠቀሙበት። ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ?

የመጀመሪያው ምስክር መገጣጠሚያው ነው። በሰሜን ፈረንሳይ የ11ኛውና የ12ኛው መቶ ዘመን አናጢዎች ሁለት እንጨቶችን ሲያገናኙ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በግማሽ ውፍረታቸው ይቆርጡና እርስ በርስ ያስተኟቸው ነበር። ወደ 13ኛው መቶ ዘመን ሲገባ ሌላ ዘዴ የበላይ ሆነ፤ የአንዱን እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ቀርጾ በሌላው ውስጥ በመሮ በተፈለፈለ ቀዳዳ ማስገባትና ሁለቱን በእንጨት ችንካር ማሰር። ይህኛው ለሥራ ቢከብድም መገጣጠሚያው አይላቀቅም፤ እንጨቱም ከሁለቱም ወገን አይሳሳም። ስለዚህ አጥኚው ጣሪያ ውስጥ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነዚህ መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚፈልገው ግን ባዶውን ቦታ ነው። ምንም ያልገባበት፣ አሁን ባለበት ሥፍራ ምንም ሥራ የሌለው ጎድጓዳ ቁርጥ ካየ፣ ያ እንጨት ከዚህ በፊት ሌላ ጣሪያ ተሸክሞ ነበር ማለት ነው።

መገጣጠሚያ ብቻውን ግን ዓመት አይሰጥም። ሽማግሌ አናጢ ከልጅነቱ የለመደውን ዘዴ እስከ ዕለተ ሞቱ ሊሠራበት ይችላል፤ የሩቅ ገጠር አናጢም ከተማው ከተወው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንኑ ይሠራ ይሆናል። የሚነግረን ዘመኑን በግምት ነው።

ሁለተኛው ምስክር የመሣሪያው ዱካ ነው። ባትሪ በእንጨቱ ጎን አስጠግቶ ብርሃኑን አግድም ማብራት ይበቃል፤ ጥላው ምቱን ሁሉ ያወጣዋል። ሰፊ ምላጭ ያለው መጥረቢያ ያለሰለሰው እንጨት ተደራራቢና ጎድጎድ ያሉ ጠፍጣፋ ምቶች ይታዩበታል። ሁለት ሰው ከላይና ከታች ሆኖ የሚስበው መጋዝ ቀጥ ያሉ ግን እዚህም እዚያም የሚዛነፉ መስመሮች ይተዋል። በክብ መጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት ደግሞ የቅስት ቅርጽ ያላቸው ጭረቶች ስላሉት ከ19ኛው መቶ ዘመን በፊት ነው ማለት አይቻልም። የኖትርዳም የመካከለኛው ዘመን እንጨቶች በመጥረቢያ የተጠረቡ ናቸው፤ ግንዱ ሳይሰነጠቅ አራቱ ጎኑ ተጠርቦ ልቡ መካከል ላይ ቀርቷል። የተጠረቡትም ገና እርጥብ ሳሉ ነው። ይህ የሚታወቀው እንጨቱ ሲደርቅ የተፈጠረው ስንጥቅ የመጥረቢያውን ምት አቋርጦ ስለሚያልፍ ነው። ለዘመን ቆጠራ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመትና ጣሪያው የተሠራበት ዓመት ተቀራራቢ ናቸው ማለት ነውና።

ዓመቱን ራሱን የሚሰጠው ሦስተኛው ምስክር፣ የዕድገት ቀለበቱ ነው። ባሉጥ በየፀደዩ ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ሳሳ ያለ እንጨት፣ በበጋው ደግሞ ጠንካራውን ያበቅላል፤ በክረምቱ ብርድ ያርፋል። ዝናብ ባጣ ዓመት ቀለበቱ ይጠብባል፣ በደላው ዓመት ይሰፋል። በአንድ አካባቢ የበቀሉ ዛፎች ያን የጥበትና የስፋት ቅደም ተከተል ስለሚጋሩ፣ ዛሬ ከቆመ ዛፍ ተነስቶ በአሮጌ ቤቶች እንጨት በኩል ወደ ኋላ መቶ ዓመታትን የሚያስኬድ ሰንሰለት መገጣጠም ይቻላል። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚያከብደው ወቅቱ ነው። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ጥድ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ይችላል፤ አንድ ዋና ዝናብ ባለበት አካባቢ ግን ቆጠራው ይሻላል።

ሥራው የሚጀምረው ቀጭን ናሙና ከእንጨቱ ቦርቡሮ በማውጣት ነው። ናሙናው እየለሰለሰ በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀት እስኪያንጸባርቅ ይፈተጋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቀለበት በማይክሮስኮፕ ሥር እስከ መቶኛ ሚሊሜትር ድረስ ይለካል። የተገኘው ቅደም ተከተል ከሰንሰለቱ ጋር በየዓመቱ እየተንሸራተተ ይነጻጸራል። ኮምፒውተሩ በስሌት የሚስማማውን ቦታ ይጠቁማል፤ አጥኚው ግን ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርጎ በዓይኑ ካላመነ አይቀበለውም። ሃምሳ ቀለበት እንኳን የሌለው እንጨት በአጋጣሚ ከብዙ ቦታ ጋር ሊመሳሰል ስለሚችል ብዙ ጊዜ ይጣላል። የኖትርዳም ችግርም ይኸው ነበር። ጣሪያው ከሺህ ዓመት ግዙፍ ዛፎች እንደተሠራ ሲወራ ቢኖርም፣ አብዛኛው እንጨት የተገኘው በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ቀጥ ብለው ካደጉ፣ ቀጭንና ገና ወጣት ከነበሩ ባሉጦች ነው።

ወሳኙ ነገር ያለው ከቅርፊቱ ሥር ነው። የባሉጥ ውጫዊ ክፍል ውሃ የሚያመላልሰው ነጣ ያለ እንጨት ነው፤ ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ቀለበት ይይዛል። ቅርፊቱ የነበረበት ጠርዝ ካልተጠረበ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት፣ አንዳንዴም ወቅቱ ጭምር ይታወቃል። የመጨረሻው ቀለበት የፀደዩን ትልልቅ ቀዳዳዎች ብቻ ካሳየ ዛፉ በፀደይ ወድቋል፤ ሙሉ ከሆነ ደግሞ በክረምት። አናጢው ነጩን እንጨት ጠርቦ ካነሳው ግን የሚቀረው ግምት ነው። ለምሳሌ የልቡ የመጨረሻ ቀለበት 1190 ላይ ቢያበቃና ነጩ ክፍል ባይኖር፣ ዛፉ የወደቀው ከ1200 ገደማ በኋላ ነው ከማለት ያለፈ መናገር አይቻልም።

ከእሳቱ በኋላ ፍርስራሹ ተለቅሞ ሺዎች የከሰሉ እንጨቶች ለምርምር ተቀመጡ። እንጨት ሲከስል ይኮማተራል እንጂ ቀለበቱ አይጠፋም፤ በከሰል ላይም መቁጠር ይቻላል። እሳት ግን የሚጀምረው ከውጭ ነውና ቀድሞ የሚበላው ያንኑ ነጩን እንጨትና የመጥረቢያውን ዱካ ነው። ባዶ ጎድጓዳውና የምቱ ቅርጽ አሁን በአብዛኛው የሚገኘው በ2014ቱ ንድፍና በፎቶግራፎች ነው። ለእኔ ከቃጠሎው የሚያሳዝነው ይህ ነው።

በ2024 መጨረሻ የተከፈተው አዲሱ ጣሪያ የተሠራው በዚያ ንድፍ መሠረት ነው። አናጢዎቹ በ2020ዎቹ መጀመሪያ የወደቁ ባሉጦችን እርጥብ ሳሉ በእጅ መጥረቢያ ጠርበው፣ በምላስና በቀዳዳ አገጣጥመው፣ በእንጨት ችንካር አሰሯቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ባትሪ ይዞ እዚያ የሚወጣ ሰው መገጣጠሚያውን አይቶ 13ኛው መቶ ዘመን ይላል፤ የመጥረቢያውን ምት አይቶም ያንኑ ይደግማል። ከዚያ ናሙናውን ቦርቡሮ ቀለበቱን ሲቆጥር፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻው መስመር 2020ዎቹ ላይ ያቆመዋል።