ተጨማሪ መረጃ፦ 28 ሰዓት ተኩል እንዴት 4:30 ሆነ?

በአሰላ ዙሪያ የስንዴ ማሳ የሚያርስ ትራክተር በሰዓት ሂሳብ ተከራየ እንበል። በሦስት ቀን 9:30፣ 8:45 እና 10:15 ሰርቷል፤ ድምሩ 28 ሰዓት ተኩል ነው። ኤክሴል ላይ በC5 ሴል `=SUM(C2:C4)` ስንል ግን 4:30 ሊታየን ይችላል። ድምሩ አልተሳሳተም። ኤክሴል አንድን ሙሉ ቀን እንደ 1 ስለሚቆጥር በውስጡ የያዘው 1.1875 ነው፤ `h:mm` የተባለው አቀራረብ ግን ሙሉውን ቀን ትቶ ትርፉን ብቻ ያሳያል። በ`Format Cells` ሥር `Custom` ውስጥ ቅንፍ ጨምረን ይህን ብንጽፍ 28:30 ይወጣል፦

```
[h]:mm
```

ክፍያው ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኪራዩ በሰዓት 1500 ብር ቢሆንና ድምሩን በቀጥታ ብናባዛው 1781.25 ብር ብቻ እናገኛለን፤ ባለትራክተሩ ወዲያው እንደሚቆጣ አያጠራጥርም! ቀኑን ወደ ሰዓት ለመመለስ በ24 ማባዛት ያስፈልጋል፦

```
=C5*24*1500
```

አሁን 42,750 ብር ይሆናል። መልሱ እንደ ሰዓት ሆኖ ከታየ የሴሉን አቀራረብ ወደ `Number` መቀየር ነው።

የመነሻና የማብቂያ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመዘገብ የጠዋቱ 12 ሰዓት ያስቸግራል። ከጠዋቱ 12:00 እስከ ቀኑ 9:30 የተሠራውን `=B2-A2` ብለን ብንቀንስ ውጤቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ሴሉ በ`####` ይሞላል። መነሻውን 0:00 ብሎ መጻፍ ይበቃል።