ልጁ የሚፈርምበት ደብዳቤ

ከትምህርት ቤት ለወላጅ የሚላክ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ነው። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጆይስ ኤፕስታይን ከመምህራን ጋር ሆነው ባዘጋጁት የቤት ሥራ ላይ ግን የሚፈርመው ልጁ ራሱ ነው። በወረቀቱ አናት ላይ ለቤተሰቡ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች አሉ። በክፍል ምን እየተማረ እንደሆነ፣ ሥራው መቼ እንደሚመለስ ይነግሩና አብረውት እንዲቀመጡ ይጋብዛሉ። ከሥሩ ልጁ ስሙን ያሰፍራል።

«ቲፕስ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ይህ አሠራር ኃላፊነቱን በግልጽ ይከፋፍላል። ማስተማር የመምህሩ ድርሻ ነው። ልጁ የተማረውን ያሳያል፣ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ ያዳምጣል። ስለዚህ ሒሳብ ከረሳ ብዙ ዓመት የሆነው አባትም ሆነ እንግሊዝኛ የማታነብ እናት ቦታ አላቸው፤ ውይይቱም ቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ ሊካሄድ ይችላል። ከባልቲሞር ብዙም በማይርቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ልጁ አንድ ሁለተኛን ከአንድ አራተኛ ጋር እንዲደምር ታዟል፤ መልሱን ሁለት ስድስተኛ ብሎ ጽፏል። እናቱ መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን አታውቅም። «እንዴት አገኘኸው?» ትለዋለች። «የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ጋር ደመርኩት» ይላታል። «እስቲ በሥዕል አሳየኝ» ስትለው አንድ ክብ ዳቦ ይሥላል፤ ግማሹን ያጠቁራል፣ ከቀረውም የዳቦውን ሩብ ይጨምርበታል። አሁን ከዳቦው ያልጠቆረው ሩቡ ብቻ ነው። በቁጥር ያገኘው ግን ከግማሽም ያነሰ ነው። ሁለቱ እንዳልተስማሙ ያያል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ እርሳሱን ይቀማና ያስተካክላል። ጉዳቱ ያለውም እዚሁ ላይ ነው፤ በማግስቱ መምህሩ እጅ የሚገባው ስሕተት የሌለበት ወረቀት ይሆናል፤ ልጁ የት ላይ እንደተሰናከለ የሚነግረው ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው። በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናትም ሌላ ችግር አሳይቷል። በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተደረገው በዚህ ጥናት፣ ሒሳብ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች የቤት ሥራውን አዘውትረው ሲያግዙ ልጆቻቸው በዓመቱ የተማሩት ሒሳብ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ እነዚያው ወላጆች እምብዛም በማያግዙበት ቤት ግን ይህ አልታየም።

ለዚህ ነው የወረቀቱ የመጨረሻ ክፍል ከሁሉም የሚበልጠው። ወላጁ ከተደረደሩት አማራጮች አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፦ ልጄ ገብቶታል፤ ትንሽ እገዛ ቢያስፈልገውም የገባው ይመስላል፤ ወይም ገና ትምህርት ያስፈልገዋል። ከዚያ ይፈርማል። የዳቦው እናት ምልክት የምታደርገው ሦስተኛው ላይ ነው። የተሳሳተውን መልስ ከነሥዕሉ ትመልሰዋለች፤ መምህሩም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

አሠራሩ በሒሳብ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከቋንቋ ሥራዎቹ አንዱ ልጁ አንድ የቤተሰብ አባል በወጣትነቱ ስለነበረው የፀጉር አሠራር ጠይቆ እንዲጽፍ ያዛል። ስለ ሹሩባ፣ ስለ ቁንጮና ስለ ጎፈሬ የምታወራ አያት ያለችበት ቤት ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ሞልቶ የተረፈ መልስ አለው። የአጻጻፉ ሥርዓት የመምህሩ ጉዳይ ነው፤ ወሬው የአያት ነው።

ይሠራል ወይ? ፍራንሲስ ቫን ቮርሂስ በ2003 ባሳተመችው ጥናት የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ተማሪዎችን አነጻጽራለች። ከቤተሰብ ጋር የሚሠራውን ዓይነት የቤት ሥራ የወሰዱት፣ ተመሳሳይ ይዘት ያለውን ለብቻቸው ከሠሩት የተሻለ የሳይንስ ውጤት አግኝተዋል። ሆኖም የቤተሰቡ ተሳትፎ የጨመረው በሳይንስ ብቻ ነበር፤ በሒሳብና በቋንቋ፣ ወረቀቱ ስላልጋበዛቸው፣ ለውጥ አልታየም። ወላጅ እንዲሳተፍ በየስብሰባው መምከር ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሥራው ራሱ ቦታ ሊያዘጋጅለት እንደሚገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሠራሩ የሚበላሽበት መንገድም አለ። በየቀኑ ከተሰጠ ቤተሰቡን ያሰለቻል፤ ስለዚህ በሳምንት አንዴ ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ጥቂት ቀናት ተሰጥተውት ቢላክ ይመረጣል። የማታ ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ በእረፍት ቀኑ ሊቀመጥ ይችላል፤ ካልተመቸው ደግሞ አክስት ወይም ታላቅ እኅት ትተካዋለች። ሳያዳምጡ መፈረም ግን ሁሉንም ከንቱ ያደርጋል፤ የመጀመሪያው ሣጥን ሁልጊዜ ምልክት የሚደረግበት ከሆነ መምህሩ ሊጠራጠር ይገባል። ወላጆችም ልጃቸው ማስረዳት ሲያቅተው ሦስተኛው ሣጥን ላይ ምልክት ለማድረግ አይፈሩ፤ መምህሩ የሚጠብቀው እሱን መረጃ ነው።