ያደረ ወጥ፣ ያደረ ሩዝና ያልበሰለ ሥጋ

የምግብ መመረዝ በምግብ ውስጥ የተራቡ ባክቴሪያዎች ወይም ባክቴሪያዎቹ ያመነጩት መርዝ የሚያስከትለው ሕመም ነው። ሆዱን ያመመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ የበላውን ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ሕመሙ እንደ መንስኤው ዓይነት በግማሽ ሰዓት ሊጀምር፣ ቀናትም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጥፋተኛውን ምግብ ለመለየት ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትና ምልክቱ አብረው መታየት አለባቸው።

በትልቅ ድስት ተሠርቶ ያደረ የሥጋ ወጥ የሚያስከትለው ሕመም በተለይ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ከሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። ይህ ባክቴሪያ ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር ይሠራል፤ ወጡ ቢንተከተክም ስፖሩ አይሞትም። ለድግስ የተሠራ ወጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከእሳት ወርዶ ተከድኖ አደረ እንበል። ድስቱ ትልቅ ስለሆነ መሐሉ የሚበርደው በጣም በዝግታ ነው። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ስፖሩ ይነቃል፤ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ባክቴሪያው በየ10 ደቂቃው ገደማ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት አንዱ ባክቴሪያ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 በላይ ይሆናል።

ወጡ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ለብ ተደርጎ ብቻ ቢቀርብ እንግዶቹ በሕይወት ያሉትን ባክቴሪያዎች ይውጣሉ። ባክቴሪያዎቹ አንጀት ውስጥ ገብተው መርዝ ያመነጫሉ። ሕመሙ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ላይ፣ በቁርጠትና በውሃማ ተቅማጥ ይጀምራል። ማስመለስና ትኩሳት እምብዛም አይታይበትም፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል። ወጡ ከመቅረቡ በፊት ተማስሎ እስከ መሐሉ ቢንተከተክ ኖሮ የተራቡት ባክቴሪያዎች ይሞቱ ነበር።

የሩዝ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በደረቅ ሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሬየስ የተባለ ባክቴሪያም መቀቀልን የሚቋቋም ስፖር አለው። የበሰለው ሩዝ ቤት ውስጥ ሲያድር ስፖሩ ይነቃና መርዙን እዚያው ሩዙ ውስጥ ይሠራል። ይህ መርዝ ሙቀት አያጠፋውም፤ ሩዙ በማግስቱ ቢጠበስ ወይም እንደገና ቢፈላ ባክቴሪያው ይሞታል እንጂ መርዙ እንዳለ ይቀራል። ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ላይለወጥ ይችላል። ሕመሙ ከበሉ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በማቅለሽለሽና በማስመለስ ይጀምራል። ስለዚህ ውጭ ያደረ ሩዝ በማሞቅ አይድንም፤ መጣል አለበት።

በደንብ ካልበሰለ ሥጋ የሚመጣው ሕመም ይዘገያል። ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን፣ በዶሮ ሥጋ የሚተላለፈው ካምፒሎባክተር ከ2 እስከ 5 ቀን፣ አደገኛው የኢ. ኮላይ ዓይነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ይወስዳል። ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ሊኖር ይችላል። በቁርጥና በጥሬ ክትፎ የሚተላለፈው የኮሶ ትል ግን መመረዝ ሳይሆን ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ አንጀት ውስጥ አድጎ እስኪታይ ወራት ይፈጃል። ያልተከተፈ ሥጋ ላይ ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚገኘው ከውጭ ነው፤ ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ ግን ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ ከባክቴሪያ ነፃ አይሆንም። የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 71፣ ዶሮ ደግሞ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት።

የተረፈ ምግብ ከእሳት ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ሊገባ ይገባል። ወጡ በድስቱ ሳይሆን ጠለቅ ባላሉ ትንንሽ ዕቃዎች ተከፋፍሎ፣ ሩዙም በትሪ ተዘርግቶ ቶሎ መብረድ አለበት። ማቀዝቀዣው 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ወጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፤ ሩዝ ግን በማግስቱ ቢያልቅ ይመረጣል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የሚሻለው ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ነው። የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሶ አንድ ጊዜ በደንብ ማፍላት እንጂ ድስቱን በሙሉ ደጋግሞ ማሞቅና መልሶ ማሳደር ተገቢ አይደለም።

የታመመ ሰው በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ሽንት ካነሰ ወይም ሕመሙ ከ3 ቀን ካለፈ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ግን እስከዚያ መጠበቅ የለባቸውም።