መስመሮቹ ሲቋረጡ ዋጋው የት ደርሷል?

የፎሬክስ ወይም የክሪፕቶ ቻርት ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን መስመሮች ሳያያቸው አይቀርም። ሁለቱም ሙቪንግ አቬሬጅ የሚባሉት ተንቀሳቃሽ አማካዮች ናቸው፤ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ከታች ወደ ላይ ሲያቋርጥ የመግዣ፣ ከላይ ወደ ታች ሲያቋርጥ የመሸጫ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ዶንቺያን ይህን ዘዴ በ5 እና በ20 ቀን አማካዮች አስተዋውቆታል። ዛሬ ብዙዎች በአራት ሰዓት ቻርት ላይ ይጠቀሙበታል፤ ከቀን ቻርት ቶሎ ይናገራል፣ ከአንድ ሰዓቱ ደግሞ ግርግሩ ያንሳል ብለው።

ፈጣኑን በ20፣ ዘገምተኛውን በ50 ካንድል እንውሰድ። የ20 ካንድል አማካይ የሚሠራው የመጨረሻዎቹን 20 የመዝጊያ ዋጋዎች ደምሮ ለ20 በማካፈል ነው። ሁሉም ካንድሎች እኩል ክብደት ስላላቸው ውጤቱ የሚናገረው ስለ አሁኑ ዋጋ ሳይሆን ስለ ሃያዎቹ መካከለኛ ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ከመጨረሻው ካንድል 9.5 ካንድል ወደ ኋላ ይርቃል፤ በአራት ሰዓት ቻርት 38 ሰዓት ማለት ነው። የ50ው አማካይ ደግሞ 24.5 ካንድል፣ ማለትም 98 ሰዓት ይዘገያል። ይህ መዘግየት ገበያው ቢወጣም፣ ቢወርድም፣ ቢዋልልም አይለወጥም። የሚለወጠው መስመሩ እስኪደርስ ድረስ ከጉዞው የሚተርፈው ነው።

ዋጋ ለወራት በአንድ አቅጣጫ ሲጓዝ የሁለት ቀን መዘግየት ጥቂት ትርፍ ያስቀራል እንጂ ጉዳቱ ከባድ አይደለም። ችግሩ ያለው ገበያው በሁለት ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ ነው። በቀን 24 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድም በሚሠራው የክሪፕቶ ገበያ፣ አንድ ዋጋ በ100 እና በ110 መካከል ሞገድ እየሠራ ይመላለሳል እንበል። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪመለስ 50 ካንድል፣ ማለትም 200 ሰዓት ይፈጅበታል። የ50ው አማካይ ሁልጊዜ አንድ ሙሉ ምልልስ ስለሚይዝ ወጪው ከወራጁ ጋር ይጣፋና መስመሩ 105 ላይ ተጋድሞ ይቀራል። ስለዚህ መቋረጥ የሚፈጠረው ፈጣኑ አማካይ 105ን ባለፈ ጊዜ ነው።

ዋጋው ራሱ 105ን አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ጫፉ ላይ የሚደርሰው በ50 ሰዓት ነው። ፈጣኑ አማካይ ግን 105ን የሚያልፈው ዋጋው ካለፈ ከ38 ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ዋጋው 109.6 አካባቢ ደርሷል፤ ወደ ጫፉ የቀረው 12 ሰዓትና ጥቂት ሳንቲም ነው። ምልክቱን ተከትሎ የገዛ ሰው ጣሪያው ሥር ይገዛል። በመውረጃው ተመሳሳይ ስሌት ሲሠራ የመሸጫው ምልክት የሚመጣው 100.4 አካባቢ ነው። በአንድ ንግድ ከ9 በላይ ይከስራል፤ ምልክቱ በተገለበጠ ቁጥር አቋሙን የሚገለብጥ ከሆነ በምልልሱ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ኮሚሽኑና የመግዣና መሸጫ ዋጋ ልዩነቱ ሳይቆጠር። እውነተኛ ገበያ እንዲህ የተስተካከለ ሞገድ አይሠራም፤ የኪሳራው ምክንያት ግን ይኸው ነው።

ብዙዎች መፍትሔ ብለው ኤክስፖኔንሻል ወደሚባለው አማካይ ይሸጋገራሉ። እሱ ለቅርብ ዋጋ የበለጠ ክብደት ስለሚሰጥ ድንገተኛ ለውጥን ቶሎ ያሳያል፤ ሆኖም በተለመደው ቀመሩ የ20ው አማካይ መዘግየት ያው 9.5 ካንድል ነው። ቁጥሮቹን ወደ 5 እና 10 ማሳነስ መዘግየቱን ይቀንሳል፤ በምላሹ መስመሮቹ በየጥቃቅኑ መወዛወዝ ይቋረጣሉ፣ ወጪውም ይበዛል። ዌልስ ዋይልደር በ1978 ያወጣው ADX አቅጣጫ የሌለውን ገበያ ለመለየት ይረዳል፤ ብዙዎች ከ20 በታች ሲሆን የአቅጣጫ ምልክቶችን ይተዋሉ። እሱም ግን ከተለሰኑ አማካዮች የተሠራ ስለሆነ ራሱ ይዘገያል።

በፎሬክስ ሌላም ጣጣ አለ። የአራት ሰዓቱ ካንድል የሚጀምረው በደላላው ሰርቨር ሰዓት ስለሆነ፣ በአንዱ ቻርት የታየው መቋረጥ በሌላው ላይታይ ይችላል። ካንድሉ ሳይዘጋ የታየ መቋረጥም ሲዘጋ ሊጠፋ ይችላል።

እኔ ከሁሉ የማምነው ዘገምተኛውን መስመር ማየት ነው። የ50ው መስመር ተጋድሞ ዋጋው ደጋግሞ ከላይና ከታች ሲሻገረው መቋረጦቹን መከተል መተው ይሻላል፤ ዋጋው ከግድግዳው ውጭ እስኪዘጋ መጠበቅ ይበጃል፣ ያም ቢሆን አንዳንዴ ያሳስታል። አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት በምትነግድበት ቻርት ላይ ዋጋው ከመሃል ወደ ጫፍ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ቁጠር። እንደ ምሳሌው 50 ሰዓት አካባቢ ከሆነ ወይም ከዚያ ካነሰ፣ የ20 እና የ50 መቋረጥ እዚያ ገበያ ላይ አይጠቅምህም።