ነርሷ እራት ስትበላ ታካሚዎቿን ማን ያያል?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የዋርዱ ስልክ ይጮኻል። የደወለው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ሐኪም ያስተኛው፣ አልጋ የሚጠብቅ ሰው አለ። በዋርዱ ያሉት 25 ታካሚዎችና አምስት ነርሶች ናቸው። የተነጠፈ ባዶ አልጋም አለ። ሆኖም ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዚያ 26ኛ ሰው የሚያስፈልገው ከአልጋው ይልቅ ስድስተኛ ነርስ ነው። የአዳር ቻርጅ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ አንስቻለሁ። መልሱ የሚወሰነው ግን በዚያች ሌሊት ሳይሆን ከሳምንታት በፊት የተረኞች ዝርዝር ሲዘጋጅ ነው።

ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሥራ ላይ ሲውል፣ በ2004፣ በመደበኛ ዋርድ አንድ ነርስ ከስድስት ታካሚ በላይ እንዳትይዝ ተደነገገ። በዓመቱ ቁጥሩ ወደ አምስት ወረደ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት አይበልጥም። በአገራችን ሆስፒታል ታካሚውን የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠውና ሐኪም የሚጠራው ብዙውን ጊዜ አጠገቡ ያለው አስታማሚ ነው። እዚህ ግን ሌሊት ላይ አብዛኛው ታካሚ ብቻውን ስለሆነ መተንፈስ ሲያቅተው መጀመሪያ የምታየው ነርሷ ናት። በ2002 በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ላይ የተሠራ የታወቀ ጥናት በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል።

የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ በ2016 ባወጣችው ደንብ ቀን ለአራት ታካሚ፣ ሌሊት ለሰባት ታካሚ አንድ ነርስ ትላለች። ካሊፎርኒያ ግን ሌሊትና ቀንን አልለየችም። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ደም ግፊቱ የሚወርደው ሰዓት መርጦ አይደለም።

አሁን 30 አልጋ ላለው ዋርድ ስንት ሰው መቀጠር እንዳለበት እናስላ። 30 ለአምስት ሲካፈል ስድስት ነርስ ይሆናል። ብዙ ሰው ስሌቱ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ደንቡ ቁጥሩ «በማንኛውም ጊዜ» መጠበቅ አለበት ይላል፤ በአማካይ ማስላትንም ይከለክላል። ስለዚህ አንዷ አራት ሌላዋ ስድስት ይዛ «ሁለት ሲካፈል አምስት ነው» አይባልም። ነርሷ እራት በምትበላበት ግማሽ ሰዓትም ታካሚዎቿ ነርስ ሊኖራቸው ይገባል። የሆስፒታሎች ማኅበር ይህን ነጥብ ፍርድ ቤት ወስዶ በ2004 ተረትቷል።

ፈረቃው ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ 12 ሰዓት ነው። በዚህ ውስጥ እያንዳንዷ ነርስ የግማሽ ሰዓት የምግብና ሦስት ጊዜ የአሥር አሥር ደቂቃ ዕረፍት ብታገኝ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ለስድስቱ ስድስት ሰዓት ማለት ነው። ያንን ስድስት ሰዓት ከታካሚ ወደ ታካሚ እየዞረች የምትሸፍን፣ የራሷ ታካሚ ያልተሰጣት ሰባተኛ ነርስ ታስፈልጋለች። እኛ ብሬክ ነርስ እንላታለን። ስምንተኛዋ ቻርጅ ነርሷ ናት፤ እሷም ታካሚ ይዛ በቀጥታ ካልሠራች በቀር ከቁጥሩ አትገባም።

ስምንት ሰው፣ ቀንና ሌሊት፣ ሰባት ቀን፦ በሳምንት 112 ፈረቃ። አንድ ነርስ በሳምንት የምትገባው ሦስት ፈረቃ ስለሆነ በወረቀት ላይ 37 ከፍ ያለ ሰው ይበቃል። ሰው ግን ዓመት ዕረፍት ይወጣል፣ ይታመማል፣ ሥልጠና ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከ52ቱ ሳምንት ስምንቱን ይወስዳል ብንል ቁጥሩ 44 ይደርሳል። እንግዲህ በማንኛውም ሰዓት አልጋ አጠገብ ስድስት ነርስ እንድትገኝ 44 ነርስ መቅጠር ያስፈልጋል። 37 ቀጥሮ ዝርዝሩን የሞላ ኃላፊ ዕዳውን ያስተላለፈው ወደ ትርፍ ሰዓትና ወደ ጥር ጉንፋን ነው።

ዝርዝሩ ሲሠራ መጀመሪያ የሚሞላው ከባዱ ነው፤ አዳርና ቅዳሜ እሑድ። ከሦስት ሌሊት በላይ አለማከታተል፣ ከአዳር የወጣን ሰው በማግስቱ ጠዋት አለመመለስ፣ አዲስ ተመራቂዎችን በአንድ ሌሊት አለማከማቸት ግድ ነው። ስድስቱም ነርሶች ገና አንድ ዓመት ያልሞላቸው ከሆኑ ቁጥሩ ሞልቶም ዋርዱ ሰው የለውም። በዚህ ላይ ሐበሾች በበዙበት ዋርድ እኛ አንድ ነገር እናግዛለን። ታኅሣሥ 25 በፈረንጅ አቆጣጠር ሁሉም ዕረፍት ሲፈልግ እኛ እንገባለን፤ በምትኩ ጥር 7 ቀን፣ ገና ላይ፣ እንወጣለን። ታዲያ ቅያሬው ቀደም ብሎ መጻፍ አለበት፤ በቃል የተደረገ ቅያሬ በበዓሉ ዋዜማ ይካዳል።

ከሁሉ በፊት የሚሰበረው ብሬክ ነርሷ ያለችበት ቦታ ነው። አንድ ሌሊት 30ዎቹም አልጋዎች ሞልተው፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ አንዷ ነርስ «አሞኛል፣ አልመጣም» ብላ ደወለች። ከሌላ ዋርድ የሚዋስ ሰው የለም፣ ኤጀንሲውም ሰው አልነበረውም። የተደረገው የተለመደው ነው፤ ብሬክ ነርሷ አምስት ታካሚ ተሰጣት። ወረቀቱ ላይ ስድስት ነርስ፣ 30 ታካሚ፣ ሕጉ ተከበረ። እራት ሰዓት ሲደርስ ግን ጓደኛሞች «እስክመለስ እነዚህን እይልኝ» ተባባሉ። ለግማሽ ሰዓት አንዷ አሥር ሰው ያዘች። በዚያው መሐል 14 ቁጥር ያሉ አዛውንት ብቻቸውን ወደ መጸዳጃ ሲነሡ ወደቁ። ደወል ደውለዋል፤ ነርሷ በሌላው ጫፍ ደም እየሰጠች ነበር፤ ደም ሲጀመር ደግሞ ከታካሚው አጠገብ መራቅ አይቻልም። አዛውንቱ ዳሌያቸው ተሰበረ። በሪፖርቱ ላይ «የነርስ ቁጥር የተሟላ» ተብሎ ተጻፈ።

ያን ሌሊት እኔ ቻርጅ ነበርኩ። ማድረግ የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ፦ የሰው እጥረቱን 11 ሰዓት ላይ ለተረኛው ኃላፊ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የዕረፍት ሰዓቶቹን በየተራ ደልድዬ ራሴ መሸፈን፣ ይህም ካልተቻለ አዲስ ታካሚ አልቀበልም ማለት። ከሁለት በላይ ሰዎችን በአንድ ጊዜ እራት መልቀቄ ስሕተት ነበር።

አንድ ዋርድ በእውነት ሰው እንዳለው ለማወቅ የተረኞችን ዝርዝር ማየት አይበቃም፤ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። የዕረፍት መሸፈኛውን ወረቀት ማየት ይሻላል። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ማንን ተካ? የተኪዋ ስም ባዶ ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ዋርድ «ምግብ አልበላሁም» የሚል የክፍያ ጥያቄ በየሳምንቱ ከመጣ፣ የጎደለው ሰው እዚያ ነው።

ሁሉንም ነገር ቁጥር አይፈታም። ትንፋሽ የሚያስቸግራቸው ሁለት ታካሚዎች ከሌሎች አምስት ሊበልጡ ይችላሉ፤ ሕጉም አምስት ጣሪያ መሆኑን፣ ሕመሙ ከከበደ ነርስ መጨመር እንዳለበት ያዛል። ይህኛው ክፍል በጣም ይዘነጋል።

ዘመድዎ ሆስፒታል ቢተኛ ነርሷን በትሕትና አንድ ነገር ይጠይቋት፦ «እቱ፣ አንቺ እራት ስትወጪ ማን ነው የሚያየው?» ስም ጠርታ ከመለሰችልዎ ሄደው ይተኙ። ስም ካጣች ቻርጅ ነርሷን ያነጋግሩ።